ደረት ሳያም የሚመጣ ሃርት አታክ፦ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ለምን አይሰማቸውም?

ነሐሴ ወር ነበር፣ ሐሙስ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ። ኮባር ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ። ስማቸውን አልጠቅስም፣ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸው 47 ነው። ስኳር ሕመም ከተገኘባቸው 9 ዓመት ሆኗቸዋል፣ ሜትፎርሚን ይወስዳሉ።

«ልጄ፣ ዛሬስ ምን እንደነካኝ እንጃ» አሉኝ። «ከጠዋት 4 ሰዓት ጀምሮ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀኛል። ያቅለሸልሸኛል። ልብስ ላሰጣ ጣራ ላይ ስወጣ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ትንፋሼ እምቢ አለኝ።»

«ደረትዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ደረቴንስ ምንም አላለኝ።»

«እንግዲያው ጨጓራዎ ነው። ሙቀቱም አለ። ተልባ በጥብጠው ይጠጡና ትንሽ ጋደም ይበሉ» አልኳቸው።

ያን ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ በስልክ ማስተርጎም ከጀመርኩ አንድ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከዚያ በፊት ደማምና ኮባር ውስጥ በቤት ሠራተኝነት 5 ዓመት ሠርቻለሁ። የነሐሴን ሩጡባ አውቀዋለሁ፣ በዚያ ወር የማይልበው ሰው የለም። በዚህ ላይ «ደረት ካላመመ ልብ አይደለም» ብዬ አምን ነበር። በአንድ ጥያቄ ጉዳዩን ዘጋሁት ማለት ነው።

እትዬ ያን ቀን ሃርት አታክ ላይ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ጥያቄ ስኳር ላለበት ሰው ለምን እንደማይበቃ ለማስረዳት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ሐሙስ ሌሊት እትዬ ጠፍጣፋ መተኛት አቃታቸው። ትራስ ደራርበው ተደግፈው አደሩ። ዓርብ የቤቱ ቤተሰብ ሁሉ ለምሳ የሚሰበሰብበት ቀን ስለሆነ እንደምንም ቆመው ሠሩ። ቅዳሜ ማዳማቸው ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። እዚያ ግፊታቸውና ስኳራቸው ተለካ፣ ስኳሩ 268 ነበር። «ያቅለሸልሸኛል፣ ደከመኝ» ስላሉ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ተመለሱ። የልብ ምርመራ አልተነሳላቸውም። እኔም በስልክ ሳስተረጉም አላነሳሁትም።

እሑድ ሌሊት እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ፣ መናገር ሲያቅታቸው 997 ተደወለ። ሆስፒታል እንደደረሱ በደቂቃዎች ውስጥ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ተደረገላቸው። ደረትና እጅ እግር ላይ ሽቦ ለጥፈው ወረቀት ላይ መስመር የሚያወጡት ማለት ነው፤ ሕንዶቹና ፊሊፒኖቹ ነርሶች ኢሲጂ ይሉታል፣ በዓረብኛ ተኽጢጥ ቀልብ ነው። ደማቸው ውስጥ ትሮፖኒን የሚባለው ነገር ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያ በአልትራሳውንድ ልባቸውን አዩት።

ሐኪሙ ያለኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ ለእትዬ ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩና። «ይህ የዛሬ አይደለም። ከሦስት አራት ቀን በፊት የልቧ አንድ ደም ሥር ተዘግቷል። የፊተኛው ግድግዳ አይንቀሳቀስም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሐሙስ ምን ሆና ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ሐሙስ ምን እንደሆኑ ከእትዬ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ልብ እንዴት ነው «አመመኝ» የሚለው?

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። ብዙዎቻችን ሁሉንም «የልብ ድካም» እንላለን። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሃርት አታክ ማለት ልብን ራሱን ከሚመግቡት ደም ሥሮች አንዱ በድንገት ሲዘጋ ነው። ደም ሥሩ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረ ስብ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ላይ ደም ይረጋል፣ ከዚያ በታች ያለው የልብ ጡንቻ ኦክስጅን አጥቶ መሞት ይጀምራል። የልብ ድካም ደግሞ ልብ እንደሚገባው ደም መግፋት ሲያቅተው ነው። ሃርት አታክ ቶሎ ካልታከመ ወደ ልብ ድካም ሊያደርስ ይችላል። እትዬ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሐሙስ ሃርት አታክ ነበር፣ እሑድ ያበጠው እግርና ያጠረው ትንፋሽ የልብ ድካም ነበር።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። የልብ ጡንቻ ኦክስጅን ሲያጣ የሚያቃጥሉ ኬሚካሎችን ይለቃል። በልብ ግድግዳ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የነርቭ ጫፎች ያንን ይቀበሉና ወደ አከርካሪ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ያደርሳሉ። እነዚህ ነርቮች አከርካሪ ውስጥ የሚገቡበት ቦታ የደረትና የግራ ክንድ ነርቮችም የሚገቡበት ነው። ለዚህ ነው አንጎል ግራ ተጋብቶ «ክንዴን ነው ያመመኝ» የሚለው። ሕመም ማለት እንግዲህ የደወል ድምፅ ነው። ቃጠሎው ሌላ ነው፣ ደወሉ ሌላ ነው።

ስኳር ሕመም ሽቦውን ይበላል። በደም ውስጥ ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቮቹን ራሳቸውን ይጎዳል፣ ነርቮቹን የሚመግቡትን በጣም ቀጫጭን ደም ሥሮችም ያበላሻል። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ይጎዳሉ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግራቸው ጣት አካባቢ መደንዘዝና ማቃጠል የሚጀምራቸው ለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው ሚስማር ወግቶት ጫማው ውስጥ ደም ሲያይ ብቻ ነው የሚያውቀው። እንደዚያው ሁሉ ልብንና ሆድን የሚያገለግሉ፣ እኛ ሳናዛቸው በራሳቸው የሚሠሩ ነርቮችም ይጎዳሉ። እግር ላይ ሚስማሩ እንዳልተሰማ፣ ልብ ላይም የተዘጋው ደም ሥር ላይሰማ ይችላል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የአርጀንቲና ሐኪሞች ሕመም ሳይሰማቸው በሃርት አታክ የሞቱ ስኳር ሕመምተኞችን ልብ ከሞቱ በኋላ በማይክሮስኮፕ መርምረው ነበር። በልባቸው ውስጥ ያሉት ነርቮች ተጎድተው አገኟቸው።

ግን ልብ በሉ፣ ደወሉ ዝም አለ ማለት ቃጠሎው ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ሕመም በሌለው ሃርት አታክም የልብ ጡንቻ ይሞታል። ልዩነት የሚፈጥረው የሚባክነው ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ከ430 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያየ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ሃርት አታክ ይዟቸው ሆስፒታል ከመጡት ከ3 ሰዎች አንዱ ገደማ የደረት ሕመም አልነበረውም። የደረት ሕመም ያልነበራቸው ዘግይተው መጡ፣ ሕክምናውንም ያገኙት አንሰው ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት ከመቶ 23 ገደማ ሲሆኑ ሕመም ከነበራቸው ግን ከመቶ 9 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከነዚህ ዝምተኛ ታካሚዎች መካከል ስኳር ያለባቸውና ሴቶች በዝተው ተገኝተዋል። እትዬ ሁለቱንም ናቸው።

«ስኳሬ ገና ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ለሚሉ

ብዙ እህቶች ስኳር እንዳለባቸው የሚያውቁት እዚህ አገር ለኢቃማ ምርመራ ሲሄዱ ወይም ለሌላ ነገር ደም ሲሰጡ ነው። «ትናንት የተገኘብኝ ነው፣ ነርቭ እስኪጎዳ ገና ብዙ ዓመት አለኝ» ይላሉ። ዓይነት 2 የሚባለው ስኳር ግን ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። የተገኘበት ቀንና የጀመረበት ቀን አንድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር አዲስ ስኳር የተገኘባቸውን ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር፣ ዩኬፒዲኤስ ይባላል። ገና ስኳሩ ሲገኝባቸው ኢሲጂ ሲነሱ ከ6 ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ ያለፈ ዝምተኛ ሃርት አታክ ምልክት ታይቷል።

እዚህ ሳዑዲ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ስፔስ የሚባል መዝገብ በ17 ሆስፒታሎች ተይዞ ነበር። ሃርት አታክና ወደዚያ የሚያመራ ሕመም ይዟቸው ከገቡት ከ5,000 በላይ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስኳር ነበረባቸው። በአምቡላንስ የመጡት ደግሞ ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። ሌላው በታክሲ፣ በቤት መኪና፣ በጓደኛ መኪና ነው የመጣው። ይህ የአገሩንም የውጭውንም ሰው የሚመለከት ችግር ነው።

ዝም አለ ማለት ምንም ምልክት የለም ማለት አይደለም

«ዝምተኛ» የሚለው ስም ያሳስታል። በእርግጥ አንዳንድ ጊዜ ሰው ምንም ሳያውቅ ያልፋል፣ ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ኢሲጂ ሲነሳ ጠባሳው ይገኛል። ብዙ ጊዜ ግን ሰውነት በሌላ መንገድ ይናገራል፣ እኛ ነን ሌላ ስም የምንሰጠው። እትዬ ሐሙስ ሦስት ምልክት ነግረውኝ ነበር። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ትንፋሽ ማጠር ነው። ልብ መግፋት ሲሳነው ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ውኃ ያቁራል። ለዚህ የሕመም ነርቭ አያስፈልግም፣ ስለዚህ ደወሉ ቢበላሽም ይህ ምልክት ይመጣል። ስኳር ላለበት ሰው ከሁሉም በላይ ይህን ነው የማምነው። መለያው ድንገተኛነቱ ነው። ትናንት የወጡትን ደረጃ ዛሬ መውጣት ካቃትዎት፣ ወይም ጠፍጣፋ ተኝተው መተንፈስ ካልቻሉ፣ ያ ድካም አይደለም።

ሁለተኛው ቀዝቃዛ ላብ ነው። የኮባር ሙቀት ላብ ሞቃት ነው፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ገብቶ ትንሽ ሲቀመጡ ይቆማል። የልብ ላብ ግን ክፍሉ ቀዝቅዞ እያለ ያጠምቃል፣ ቆዳው ሲነካ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፣ ፊት አመድ ይመስላል። እትዬን ሐሙስ ዕለት «ላቡ ቤት ውስጥ መኮየፉ ስር ሲቀመጡም አለ?» ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ መልሱ «አዎ» ነበር። በኋላ ጠይቄያቸዋለሁ።

ሦስተኛው ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ ከሆድ በላይ የሚሰማ ምቾት ማጣት ነው። ይህ ነው ከጨጓራ ጋር የሚያምታታው። ጨጓራ የነበረበት ሰው ጨጓራውን ያውቀዋል፦ ሲርበው ወይም በርበሬ ሲበላ ይነሳል፣ ከምግብ ጋር ይሄዳል ይመጣል። ከዚህ በፊት የማያውቁት፣ ከምግብ ጋር ያልተያያዘ፣ ከላብና ከትንፋሽ ጋር አብሮ የመጣ ማቅለሽለሽ የጨጓራ ጠባይ የለውም።

አንዳንዶች ላይ ደግሞ ከነዚህ ይልቅ ምክንያት የሌለው ከባድ ዝለት፣ ራስ መሳት፣ ወይም የመንጋጋና የትከሻ መክበድ ይመጣል። ስኳሩ ሳይታሰብ ከፍ ብሎ አልወርድ ማለቱም አንዱ ፍንጭ ነው። ሰውነት ሲጨነቅ ስኳር የሚያወጡ ሆርሞኖች ይለቃል፣ ስለዚህ የእትዬ 268 «መድኃኒት ስላልዋጡ ነው» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አልነበረም።

መጀመሪያ ስኳሩን ይለኩ

ስኳር ላለበት ሰው አንድ ሌላ ነገር ቀዝቃዛ ላብ ያመጣል፣ እሱም የስኳር መውረድ ነው። ስለዚህ መለኪያ ካለ መጀመሪያ ጣት ይወጋ። ንባቡ ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ ይጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ስኳሩ ተስተካክሎ ላቡም ድካሙም ከሄደ፣ የወረደ ስኳር ነበር።

ስኳሩ ካልወረደ፣ ወይም ተስተካክሎም ላቡና ትንፋሹ ካልተሻለ ግን ልብ እንደሆነ ቆጥራችሁ ተንቀሳቀሱ። መለኪያ ከሌለም አትጠብቁ። በመንገድ ላይ ያለው አምቡላንስ ራሱ ይለካል።

ምን ይደረግ?

997 የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር ነው። ደማምም ኮባርም ይሠራል። 937 የጤና ሚኒስቴር የምክር ቁጥር ነው፣ ለጥያቄ ጥሩ ነው፣ ለእንደዚህ ዓይነቱ ጊዜ ግን 997 ነው የሚደወለው። ታክሲ የማልመክረው ለምን መሰላችሁ? መንገድ ላይ ልብ ቢቆም የታክሲ ሹፌሩ ምንም ማድረግ አይችልም፣ አምቡላንሱ ግን መሣሪያ አለው። ደግሞም ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ወረፋ ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ በቀጥታ ወደ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል።

አምቡላንሱ እስኪመጣ ተቀመጡ፣ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጉ፣ ደረጃ አትውጡ። አስፕሪንን በራሳችሁ አትጀምሩ። የደወላችሁላቸው ሰዎች «አለርጂ አለሽ? የሚደማ ቁስለት አለሽ?» ብለው ጠይቀው አኝኪ ካሏችሁ አኝኩ።

ድንገተኛ ክፍል፣ ጠዋሪእ የሚሉት ጋ፣ ስትደርሱ የምትናገሩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብዙ ይወስናል። «ታዕባን» ካላችሁ ፓናዶል ተሰጥቷችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ለእህቶች የማስጠናው ይህን ነው፦

«አና መሪደት ሱከር።» ስኳር ሕመምተኛ ነኝ።

«ማ ፊ አለም ፊ ሰድሪ፣ በስ ፊ ዲቅ ነፈስ ወ ዐረግ ባሪድ።» ደረቴን አያመኝም፣ ግን ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ቀዝቃዛ ላብም አለኝ።

«አብጋ ተኽጢጥ ቀልብ ወ ተሕሊል ትሮፖኒን።» ኢሲጂና የትሮፖኒን ምርመራ እፈልጋለሁ።

በመጨረሻም የጀመረበትን ሰዓት ንገሩ። ሐኪሙ በጣም የሚፈልገው እሱን ነው። የተዘጋውን ደም ሥር በቀጭን ቱቦ ገብቶ ለመክፈት የሚቻለውና የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ በተለይ በ12 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ጡንቻ ይተርፋል። ደማም ውስጥ እንደ ሳዑድ አል ባብጠይን የልብ ማዕከል ያለ ለዚሁ ሥራ የቆመ ቦታ አለ። እትዬ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲደውሉልኝ ከጀመራቸው 6 ሰዓት ሆኖ ነበር። ግማሹ ጊዜ ገና በእጃችን ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ነው ቢባልም ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። አንዳንድ ሃርት አታክ በኢሲጂ መጀመሪያ ላይ አይታይም። ትሮፖኒንም የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ነገር ስለሆነ ከፍ ለማለት ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከሰዓታት በኋላ መደገም አለበት። «አንዴ ታይቷል፣ ሂጂ» ከተባላችሁ «መራ ሳኒያ ትሮፖኒን?» ብላችሁ ሁለተኛ ጊዜ እንደሚሠራ ጠይቁ። ትሮፖኒን ለቀናት ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ዘግይታችሁም ብትሄዱ ይገኛል። የእትዬ በአራተኛው ቀን የተገኘው ለዚህ ነው።

ሥራውስ? ወረቀቱስ?

እትዬ ዓርብ ቆመው የሠሩት ሞኝ ሆነው አይደለም። «አሞኛል ካልኩ ወደ አገሬ ይመልሱኛል» ብለው ነው። ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሕጉ የሚለውን ያህል ልንገራችሁ። ስለ ቤት ሠራተኞች በወጣው የሳዑዲ ደንብ መሠረት የሐኪም ማስረጃ ያላት ሠራተኛ በዓመት እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ አላት። ማስረጃው ተቅሪር ጢቢ ይባላል። ከሆስፒታል ሳትወጡ ጠይቁ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ለምታምኑት ሰው ላኩት። ድንገተኛና ሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ያለበትን ሰው ደግሞ ሐኪም አልቀበልም ማለት አይችልም። የሳዑዲ የጤና ሙያ ሕግ ይህን ይከለክላል። ኢቃማችሁ እጃችሁ ላይ ባይኖርም ሂዱ፣ ቁጥሩን ግን ስልካችሁ ውስጥ መዝግባችሁ ያዙ።

ከማዳም ጋር ስትነጋገሩ «ደክሞኛል» አትበሉ፣ በዚህ ቤት ማንም ደክሞት ያውቃል። «አና መሪደት ሱከር፣ ዲቅ ነፈስ፣ ላዚም ኢስዓፍ» በሉ። አምቡላንስ የግድ ነው ማለት ነው። እምቢ ካሉ ራሳችሁ 997 ደውሉ።

ከመምጣቱ በፊት ሊታይ የሚችል ነገር

«ስኳር ስላለብኝ ልቤን ሁሉ ላስመርምር ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ምንም ምልክት የሌለውን ስኳር ሕመምተኛ ሁሉ በትላልቅ የልብ ምርመራ ማሳለፍ ሃርት አታክን እንደማይቀንስ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ዲያድ የተባለ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ለዚያ ገንዘብ ተበድራችሁ አትሂዱ። የሚጠቅመው የነርቭ መጎዳት ፍንጭ ያለበትን ሰው ለይቶ ለሐኪሙ መንገር ነው።

ፍንጮቹን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ አንጓችሁ ላይ ሁለት ጣት አድርጋችሁ የልብ ትርታችሁን 30 ሴኮንድ ቁጠሩና በ2 አባዙት። ዕረፍት ላይ እያላችሁ በተደጋጋሚ ከ100 በላይ ከሆነ ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ከተቀመጡበት ሲነሱ ዓይን መጨለም፣ የእግር ጣት መደንዘዝ፣ ሁለት ጉርሻ በልቶ ሆድ መሙላት የዚሁ ዘመዶች ናቸው። እነዚህ ያሉበት ሰው ለሐኪሙ «ሃርት አታክ ቢይዘኝ ላይሰማኝ ይችላል?» ብሎ ይጠይቅ፣ አንድ ኢሲጂ አንስቶም ወረቀቱን ያስቀምጥ። ነገ አዲስ ኢሲጂ ሲነሳ የሚነጻጸርበት አሮጌ ወረቀት መኖሩ ለድንገተኛ ሐኪም ትልቅ ነገር ነው።

እትዬ ተርፈዋል። ግን ልባቸው በእያንዳንዱ ምት የሚገፋው ደም ከመቶ 35 ላይ ቆሟል፣ የጤነኛ ሰው ከመቶ 55 በላይ ነው። የሞተው ጡንቻ በመድኃኒት አይመለስም። የሕመም ፈቃዳቸውን ጨርሰው ወደ ወሎ ተመለሱ፣ አሁን ልጃቸው ጋ ናቸው። ባለፈው ስንነጋገር ከወንዝ ውኃ ማምጣት እንደማይችሉ፣ ቡና ግን አሁንም ራሳቸው እንደሚያፈሉ ነገሩኝ። ስለ ተልባው አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

አሁን ስልክ ሲደወልልኝ «ደረትሽን ያምሻል?» የሚለው የመጨረሻ ጥያቄዬ ነው። መጀመሪያ «ስኳር አለብሽ?» እላለሁ። ቀጥሎ «ትናንት የወጣሽውን ደረጃ ዛሬ ወጣሽው?» እላለሁ። ከዚያ «ላብሽ ሲነካ ሞቃት ነው ወይስ ቀዝቃዛ?» እላለሁ። ለመጀመሪያው አዎ፣ ለሁለተኛው አልቻልኩም፣ ለሦስተኛው ቀዝቃዛ ከተባልኩ ሌላ አልጠይቅም። ስልኩን ሳልዘጋ በሌላኛው ስልኬ 997 እደውላለሁ።